ሰማዩን ስትቆርጡ ቅጠሉ ላይ እንዳይቀር

የእግር ጉዞ ለሚያዘጋጁ ጓደኞቼ ፖስተር ስሠራ ነው ነገሩ የገባኝ። ፎቶው እንጦጦ ላይ የተነሣ ነው፤ ከታች ሣርና ድንጋይ፣ ከላይ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ከጀርባ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሰማይ። ሰማዩን አጥፍቼ በቦታው የምሽት ብርቱካናማ ቀለም አስገባለሁ፣ በቀለሙና በዛፎቹ መካከል ደግሞ «እንጦጦ» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ፣ ቅርንጫፎቹ ፊደሎቹን ከፊት ይጋርዷቸዋል ብዬ ነበር። በሩብ ሰዓት ጨረስኩ። ታትሞ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያውን በነጭ ክር የተዘመዘመ ይመስላል። ጥለት ለነጠላ እንጂ ለባሕር ዛፍ አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሌሎችንም ሥራ ሳይ የሚደጋገሙት ስህተቶች እነዚሁ ናቸው። የምጠቅሳቸው ትእዛዞች የፎቶሾፕ ናቸው፤ በሌላ ፕሮግራም ስማቸው ቢለያይም አሠራሩ ብዙም አይርቅም።

ነጩን ባዶ ነው ብሎ ማመን

ከስልክ ወይም ከካሜራ የመጣ JPEG ስትከፍቱ ፎቶው Background የሚል ስም ይዞ፣ ቁልፍ ምልክት አጠገቡ ተቀምጦ ይመጣል። ይህ ሌየር ባዶ ቦታ መያዝ አይችልም። ሰማዩን መርጣችሁ Delete ብትሉ ቦታው በሌላ ቀለም ይሞላል እንጂ አይከፈትም፤ ቀለሙ ነጭ ሲሆን ደግሞ ብዙ ሰው «ጠፋልኝ» ብሎ ይቀጥላል። ቁልፉን አንዴ ንኩት፣ ስሙ ወደ Layer 0 ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የሚጠፋው ቦታ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነጭና ግራጫ አራት ማዕዘን እየሆነ ከታየ በትክክል ባዶ ሆኗል ማለት ነው።

ቆርጦ መጣል

Delete ያለ በቂ ምክንያት አትጠቀሙ። የጠፋው ቅጠል ነገ ሲፈለግ የለም። ሰማዩ እንደተመረጠ Alt ይዛችሁ (ማክ ላይ Option) ከሌየሮቹ ሥር ያለችውን Add layer mask የምትለዋን ምልክት ንኩ። ሰማዩ ይሸሸጋል፣ ፎቶው ግን ሙሉ ነው። ማስኩ ላይ ጥቁር ይሸሽጋል፣ ነጭ ያሳያል፣ ግራጫ በከፊል ያሳልፋል። ቀጥሎ ለምለው ሁሉ ይህ ግራጫ ወሳኝ ነው።

ቅርንጫፍን በአስማት ዘንግ መልቀም

Magic Wand ጥርት ላለ ሰማይና ለቀጥተኛ ጣሪያ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ ግን ሰማዩ አንድ ወጥ ሜዳ አይደለም፤ በቅጠሎቹ መሐል በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። Contiguous የሚለው ምልክት ካለ ዘንጉ ከነካችሁት ጋር የተያያዘውን ብቻ ይመርጣል፣ ቀዳዳዎቹን ይተዋቸዋል። ምልክቱን ስታነሱት ደግሞ ከሰማዩ ጋር የሚቀራረብ ቀለም ያለው ድንጋይ ሁሉ አብሮ ይመረጣል። Tolerance ከፍ ሲደረግ ቀጭኖቹ ቅጠሎች ይበላሉ።

እኔ የምሠራው በሰማያዊው ቻናል ነው። Channels ውስጥ ገብታችሁ Blue ብቻውን ተመልከቱ፦ ሰማዩ ብሩህ፣ አረንጓዴው ዛፍ ጠቆር ብሎ ይታያል። ያንን ቻናል ኮፒ አድርጉት፣ Ctrl+L ብላችሁ Levels ክፈቱና ሰማዩ ወደ ነጭ፣ ዛፉ ወደ ጥቁር እስኪጠጋ ሁለቱን ጫፎች አቀራርቧቸው። ከታች የቀሩትን ብሩህ ድንጋዮችና ሣሩን በጥቁር ብሩሽ ቀቧቸው። ኮፒውን Ctrl ይዛችሁ ስትነኩት ሰማዩ ከነቀዳዳዎቹ ይመረጣል። ወደ RGB ተመልሳችሁ ማስኩን መሥራት ነው የቀረው።

እዚህ ላይ የሚበዛው ጥፋት Levels ላይ መጨከን ነው። ፎቶውን 200% አጉሉና የቅጠሉን ጠርዝ እዩ። በጥቁሩና በነጩ መካከል ቀጭን ግራጫ ካለ ደኅና ነው። ደረጃ ደረጃ የሠራ ጥርስ ካያችሁ አልፋችሁታል፣ መልሱት።

ሰማያዊው ቻናል ራሱ ትንንሽ አራት ማዕዘን እየሠራ ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ ከእናንተ አይደለም፣ ከፎቶው ነው። JPEG ቀለምን ከብርሃን ይልቅ አብዝቶ ይቆጥባል፣ ቁጠባውም ሰማያዊው ላይ ጎልቶ ይወጣል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። አንሺውን ዋናውን እንደ ፋይል እንዲልክ ጠይቁት፤ በተጨመቀው ላይ ሁለት ሰዓት ከመድከም ይሻላል።

የጠርዙን ቀለም መርሳት

የእኔ ነጭ ክር የመጣው ከዚህ ነው። ማስኬ ትክክል ነበር፣ የቀረው የሰማዩ ቀለም ነው።

አንድ ፒክሰል ውስጥ እንግባ። ቅጠሉ 40፣ 60፣ 30 የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ነው እንበል፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቅደም ተከተል። ሰማዩ 200፣ 220፣ 250 ነው። ቅጠሉ የሚያልቅባት ፒክሰል ግማሽ ቅጠል፣ ግማሽ ሰማይ ስለሆነች ካሜራው ሁለቱን ደባልቆ 120፣ 140፣ 140 ብሎ ይመዘግባታል፤ ፈዛዛ ግራጫ። ማስኩ ይህችን ፒክሰል በግማሽ ያሳልፋታል፣ ልክ ነው። ነገር ግን የምታሳልፈው ቀለም ያው ድብልቁ ነው። ብርቱካናማው ላይ ስትቀመጥ ግማሽ ቅጠል መሆን ሲገባት የድሮውን ሰማይ ይዛ ትመጣለች። የሚያስፈልገው እዚያው ግማሽ እንዳለች ቀለሟን ወደ 40፣ 60፣ 30 መመለስ ነው።

ማስኩን አንድ ፒክሰል ወደ ውስጥ መግፋት ብዙዎች የሚያደርጉት መፍትሔ ነው፤ ለተራራ ይሠራል፣ የባሕር ዛፍን ቀጫጭን ቅጠል ግን ያጠፋዋል። Select and Mask ውስጥ ያለው Decontaminate Colors ሥራውን በራሱ ይሞክራል፣ ጥቅጥቅ ባለ ቅጠል ላይ ግን እኔን አላረካኝም። የእጄ መንገድ ይኸው፦ ከዛፉ ሌየር በላይ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱ፣ Ctrl+Alt+G ብላችሁ ከዛፉ ጋር እሰሩት፣ የሌየሩን Blending Mode Darken አድርጉት። ከዚያ ከቅጠሉ እምብርት ጥቁሩን አረንጓዴ ቅዱና ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ጠርዙን ብቻ ሂዱበት። ከተቀዳው ቀለም የሚፈዘው ብቻ ይጠቁራል፣ ቀድሞ የጠቆረው አይነካም። ወደ ውስጥ ከዘለቃችሁ ግን ፀሐይ ያረፈበት ቅጠልም አብሮ ስለሚደበዝዝ ጠርዙን አትልቀቁ። ግንዱ ጋ ስትደርሱ ቀለሙን ከግንዱ እንደገና ቅዱ።

በዳማው ላይ ተማምኖ መጨረስ

ይህን ክር ቀድሜ ያላየሁት ዳማው ራሱ ነጭና ግራጫ ስለሆነ ነው፤ ፈዛዛ ጠርዝ እዚያ ላይ አይታይም። ከሥር አንድ ሌየር ጨምራችሁ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ፖስተሩ ላይ የሚመጣውን ቀለም ሙሉበት። ጥቁሩ ላይ ነጩ ክር ይጮኻል።

ሩቁን ተራራ እንደ ቅርቡ መቁረጥ

ከዛፎቹ ጀርባ ጉም የያዘው ሸንተረር ካለ፣ ሰማያዊነቱ ከድሮው ሰማይ የመጣ ነው። በስል ጠርዝ ቆርጣችሁ ከብርቱካናማ ፊት ብታቆሙት ካርቶን ይመስላል። ማስኩ ላይ ትልቅና ለስላሳ ብሩሽ በቀላል ግራጫ አሳልፉበት፤ አዲሱ ሰማይ ትንሽ ይዘልቀዋል።

መጨረሻ ላይ JPEG ብሎ ማስቀመጥ

JPEG ባዶ ቦታ አያውቅም፣ ሁሉንም ነጭ አድርጎ ይዘጋዋል። የሥራውን ፋይል PSD፣ ለሌላ ዲዛይነር የምትሰጡትን PNG አድርጉ። ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እኔ አንዴ ቸኩዬ PNGውን እንደ ፎቶ ልኬ፣ አቀናባሪው «ሰማዩን ረስተኸዋል እኮ» ብሎ ደወለልኝ።