ለሕፃን ልጅ የወላጁን ሞት ስንነግር የምንሠራቸው ስህተቶች

ለአዋቂ መርዶ የሚነገርበት ወግ አለን፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። ሕፃኑ ግን ጎረቤት ቤት ይላካል እንጂ የሚነግረው የለም። አባቱ በልብ ሕመም የሞተበትን የአራት ዓመት ልጅ እናስብ።

«አባዬ ውጭ አገር ሄዷል» ማለት

ውጭ አገር የሄደ ሰው ይደውላል፣ አንድ ቀንም ይመጣል። ልጁም ስልክ በጮኸ ቁጥር ይሮጣል፤ ቆይቶ ደግሞ «ለምን ሳይሰናበተኝ ሄደ?» ይላል። እውነቱን ከሰፈር ልጆች ሲሰማ ዋሽተውኛል ብሎ እናቱንም ማመን ይተዋል።

«አርፏል»፣ «ተኝቷል»፣ «እግዚአብሔር ወሰደው»

እኛ «አርፏል» ሲባል ሞት እንሰማለን፤ እሱ የሚሰማው ዕረፍትን ነው። «ተኝቷል» የተባለ ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል። «ስለሚወደው ወሰደው» ከተባለም ቀጥሎ የሚወሰደው ማን እንደሆነ ያስባል። የሃይማኖቱ ነገር ቢነገረው ክፋት የለውም፤ ግን መጀመሪያ በሰውነት ላይ የሆነውን ይወቅ። እናቱ አጠገቧ አስቀምጣው እንዲህ ልትለው ትችላለች፦

«በጣም የሚያሳዝን ነገር ልነግርህ ነው። አባዬ ሞተ። ልቡ በጣም ታሞ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሊያድኑት ሞክረው አልቻሉም። ልቡ መምታት አቆመ። ሰው ሲሞት አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም። ተመልሶም አይመጣም።»

ከዚህ በኋላ ዝም ብሎ ማቀፍ ነው። ማልቀሷን መደበቅ የለባትም።

«ታሞ ሞተ» ብሎ መተው

ልጁ በማግስቱ እናቱ ጉንፋን ሲይዛት ልትሞት ነው ብሎ ይርበተበታል። «የአባዬ ሕመም እንደ ጉንፋን አይደለም፤ ጉንፋን ይድናል» መባል አለበት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ደግሞ ያሰቡት ወይም የተናገሩት ነገር ሰው የሚጎዳ ይመስላቸዋል፤ አባቱን «አልወድህም» ያለ ልጅ እኔ ነኝ የገደልኩት ሊል ይችላል። ይህን አውጥቶ ስለማይጠይቅ ሳይጠይቅ ይነገረው፦ «አባዬ የሞተው አንተ ባደረግከው ወይም ባልከው ነገር አይደለም።»

ለቅሶው እስኪያልፍ መጠበቅ

ድንኳኑን፣ ጥቁር ልብሱን፣ ዋይታውን እያየ ምክንያቱን ካላወቀ ፍርሃቱ ይብሳል። የዚያኑ ዕለት፣ ለቀስተኛ ቤቱን ሳይሞላው፣ የሚቀርበው ሰው ይንገረው፤ የሚያየውንም አስቀድሞ ይግለጽለት። ቀብር መሄድ ከፈለገ ከጎኑ የማይለይ፣ ካልቻለም ይዞት የሚመለስ አንድ ሰው ይመደብለት። «መሬት ውስጥ አይበርደውም? አይጨልምበትም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «የሞተ ሰውነት ብርድም ጨለማም አይሰማውም» ነው።

አንዴ ነግሮ ጨረስኩ ማለት

ነግረውት አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ኳሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ግድ የለሽነት አይደለም፣ ሕፃን ሐዘንን የሚችለው ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው። በሳምንቱ «አባዬ መቼ ይመጣል?» ይላል። ሞት መመለሻ እንደሌለው ብዙ ልጆች በደንብ የሚገባቸው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነውና፣ «ነግሬህ የለም ወይ?» ሳይባል በዚያው ቃል ይደገምለት፦ «አባዬ ሞቷል፤ መምጣት አይችልም። ናፈቀህ?» አንዳንዴ ከጥያቄው ጀርባ ያለው ነገር ሌላ ነው፤ ነገ ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርሰው ማወቅ ይፈልጋል። እሱንም በስም መንገር ነው፦ «ጠዋት እኔ አደርስሃለሁ፤ ከሰዓት አክስትህ ትመጣለች።»