በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ይዞ አዲስ ቋንቋ እንዴት ይለመዳል?

በቀን 20 ደቂቃ በዓመት ሲደመር 121 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስፓኒሽን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ እንዲችሉ ከ600 በላይ የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልግ ይገምታል፤ ስፓኒሽ ደግሞ ለእነሱ ከቀላሎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ግብ ጠባብ ይሁን፦ ራስን ማስተዋወቅ፣ የሚፈልጉትን መጠየቅ፣ ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ ጥቂት መናገር። ለዚህ 121 ሰዓት ይበቃል። የሚያበላሸው ሰዓቱ የሚባክንበት መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነውም ጥያቄው በፊቱ፣ መልሱ በጀርባው በሚጻፍበት የቃል ካርድ ላይ ነው።

ደቂቃዎቹን መከፋፈል

ለክለሳ 7 ደቂቃ፣ ለማዳመጥ 8፣ ድምፅ አውጥቶ ለመናገር 3፣ የነገ ካርዶችን ለመጻፍ 2 ደቂቃ ይመድቡ። ክለሳው ወረፋ በመጠበቅ ወይም በመንገድ ላይ ሊሠራ ይችላል። ማዳመጡና መናገሩ ግን ሳይቆራረጥ ጸጥ ባለ ቦታ መሆን አለበት።

በካርዱ ላይ ምን ይጻፋል?

ነጠላ ቃል ሳይሆን አጭር ዓረፍተ ነገር። ስዋሂሊን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። «ታካ» ማለት መፈለግ እንደሆነ የሸመደደ ሰው ውሃ ለመጠየቅ ሲሞክር አፉ ይያዛል፤ ምክንያቱም በስዋሂሊ ባለቤቱና ጊዜው ልክ እንደ አማርኛ ከግሡ ጋር ተጣብቀው ነው የሚነገሩት። ስለዚህ በካርዱ ፊት «ውሃ እፈልጋለሁ»፣ በጀርባው «ኒናታካ ማጂ» ይጻፉ። «ኒ» እኔ ነው፣ «ና» አሁን መሆኑን ይናገራል፣ «ታካ» ግሡ ነው። በሚቀጥለው ካርድ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፦ «ና»ን አውጥተው «ሊ» ሲያስገቡ «ኒሊታካ ማጂ» ይሆናል፤ ያለፈ ጊዜ ነው። «ታ» ካስገቡ «ኒታታካ ማጂ»፣ የወደፊት። «አልፈልግም» ግን «ሲታኪ» ነው። እዚህ ላይ መነሻውም መጨረሻውም ስለተለወጠ የራሱ ካርድ ይገባዋል። አንድ ካርድ ላይ ሁለት አዲስ ነገር ካለ፣ ሲሳሳቱ የቱን እንዳላወቁ አይታወቅም።

እዚህ በፊደላችን የጻፍነው ለማንበብ እንዲቀል ነው፤ እርስዎ ግን በካርዱ ላይ ቋንቋው በሚጻፍበት ፊደል ይጻፉ። በግእዝ ፊደል የተጻፈ ባዕድ ቃል ሳይታወቅ ወደ አማርኛ ድምፅ ይዞራል። ስዋሂሊ ምላስ በጥርስ መካከል ገብታ የምትፈጥራቸው ድምፆች አሉት፤ በፊደላችን ሲጻፉ «ሰ» ወይም «ዘ» ሆነው ይቀራሉ፣ በኋላ ማረም ደግሞ ከባድ ነው።

በቀን ስንት አዲስ ካርድ?

አራት። ቁጥሩ ትንሽ የሚመስለው የክለሳው ዕዳ ገና ስላልመጣ ነው። ጋዜጠኛው ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባስተዋወቀው የሳጥን ዘዴ፣ በትክክል የተመለሰ ካርድ ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፋል፤ የተሳሳቱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አምስት ሳጥን ያዘጋጁና ካርዱን እንደ ሳጥኑ ቅደም ተከተል ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 እና ከ16 ቀን በኋላ ይከልሱ። በስልክ የሚሠሩ የካርድ መተግበሪያዎች ይህን የመሰለ ስሌት በራሳቸው ያሰላሉ።

አሁን እንደምር። እያንዳንዱ ካርድ አምስት ጊዜ ይከለሳል። በየቀኑ 4 ካርድ የሚጨምር ሰው ከአንድ ወር በኋላ በቀን 20 ክለሳ ይኖርበታል፤ የሚወድቁት ተጨምረው 25 ገደማ ይሆናሉ። ለአንዱ 15 ሰከንድ ቢፈጅ 6 ደቂቃ ተኩል አይሞላም፤ ከተመደበለት ጊዜ ጋር ይስማማል። በየቀኑ 15 ካርድ የሚጨምር ሰው ግን በወሩ መጨረሻ 75 ክለሳ፣ ከሚወድቁት ጋር ወደ 90 ይጠብቀዋል፤ ይህ ብቻውን ከ22 ደቂቃ በላይ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ስለሚቀለው ችግሩን አያየውም። በአራተኛው ሳምንት ማዳመጥና መናገር ይቀሩበታል፣ በስድስተኛው ካርዱንም ይተወዋል።

መልሱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ እንደተሳሳቱ ይቁጠሩት፤ በንግግር ላይ ያን ያህል የሚጠብቅ ሰው የለም። ከ20 ካርድ ከ4 በላይ የሚወድቁ ከሆነ አዲሱን ወደ 2 ይቀንሱ። ደግመው ደጋግመው የሚወድቁት ካርድ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአጻጻፉ ነውና ቀደው አሳጥረው ይጻፉት።

ስምንቱ የማዳመጫ ደቂቃዎች

ጽሑፉ አብሮት ያለ የአንድ ደቂቃ ንግግር ይምረጡና ለአራት ቀን እሱኑ ብቻ ይዘው ይቆዩ። በየቀኑ አዲስ ንግግር የሚከፍት ሰው ሁልጊዜ የሚሰማው የማይገባውን ነው።

1. በመጀመሪያው ቀን ጽሑፉን ሳያዩ ሁለት ጊዜ ያዳምጡ፤ ከዚያ ጽሑፉን እያነበቡ ያዳምጡና ያልገባዎትን ትርጉም ይፈልጉ።
2. በሁለተኛው ቀን በየዓረፍተ ነገሩ እያቆሙ ድምፅ አውጥተው ይድገሙ።
3. በሦስተኛው ቀን ሳያቆሙ ከተናጋሪው እኩል ይናገሩ። ምላስዎ የሚወላከፍበትን ቦታ ምልክት ያድርጉና እሱን ብቻ አምስት ጊዜ ይመላለሱበት።
4. በአራተኛው ቀን ያለ ጽሑፍ ያዳምጡ። አሁንም የማይሰማዎት ቃል ካለ፣ ሲነበብና ሲነገር የሚለይ ቃል ነው፤ ካርድ የሚገባውም እሱ ነው።

አራቱ የዕለቱ ካርዶች ከዚሁ ንግግር ይወጣሉ። ድምፃቸውን አስቀድመው ስለሰሙት ክለሳው ይፈጥናል። ከሌላ ቦታ በተገለበጠ የቃላት ዝርዝር ይህ አይገኝም።

በሦስቱ የመናገሪያ ደቂቃዎች ከዕለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ወስደው ወደ ራስዎ ይለውጡት። «ኒናታካ ማጂ» ከሆነ «ማጂ»ን አውጥተው ዛሬ የፈለጉትን ነገር ያስገቡ፣ ቀጥሎ ትናንት የፈለጉትን፣ ቀጥሎ የማይፈልጉትን። በየአራት ሳምንቱ የአንድ ደቂቃ ንግግርዎን በስልክ ይቅዱና ካለፈው ጋር አብረው ያዳምጡ። ካርዱ እየጨመረ ዝምታው ካልቀነሰ፣ ከክለሳው 2 ደቂቃ ወስደው ለመናገር ይስጡ፤ አዲስ ካርዱም በዚያው ልክ ወደ 3 ይውረድ።

ቀን ሲዘለል

ሦስት ቀን ካመለጠዎት ወደ 75 ካርድ ተከማችቶ ይጠብቅዎታል። በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ። አዲስ ካርድ ያቁሙ፣ በቀን 30 ብቻ ይከልሱ፣ ከዝቅተኛው ሳጥን ይጀምሩ፤ ቶሎ የሚረሳው በዚያ ያለው ነውና። በአምስተኛው ሳጥን ያለ ካርድ ጥቂት ቀን ቢዘገይ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው። አዲስ ካርድ ስለማይገባ የዕለቱ ክለሳ በየቀኑ እየሳሳ ይሄዳል፣ ክምችቱም ሳምንት ገደማ ቆይቶ ያልቃል። በእነዚያ ቀናት ማዳመጡን አይንኩት። ክምችቱ ሲያልቅ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 2 ካርድ ጀምረው ወደ 4 ይመለሱ።