ባትሪ አልቆ የተቋረጠ ቪዲዮ ሲጠገን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ካሜራው እየቀረጸ ባትሪው ሞተ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው። ግን የትኛውም ማጫወቻ አይከፍተውም። አራት ኪሎ ያለው የኤዲቲንግ ክፍላችን እንዲህ ያለ ካርድ በብዛት የሚመጣለት በጥር፣ በሠርግ ወቅት ነው። አብዛኞቹ ይድናሉ። ከማይድኑት ውስጥ ብዙዎቹን የገደላቸው ባትሪው አይደለም። ከዚያ በኋላ በተነካኩት ነገር ነው የጠፉት።

መጀመሪያ ምን እንደጎደለ እንይ። MP4 ፋይል ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። `mdat` የሚባለው ምስሉና ድምፁ ራሱ ያለበት ነው። `moov` የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱ ፍሬም ከየት እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ መቼ እንደሚታይ የሚናገር ሰንጠረዥ ነው። ብዙ ካሜራዎች ምስሉን እየቀረጹ ይጽፋሉ፤ ሰንጠረዡን የሚጽፉት ግን ቀረጻው ሲቆም ነው። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ያ የመጨረሻ ሥራ አይሠራም። ገጾቹ ሁሉ ተጽፈው የገጽ ቁጥር ሳይሰጣቸው እንደቀረ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ አለ፣ የሚያነበው ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ችግሩ ይሄ መሆኑን የቪዲዮ ፋይልን መረጃ በሚያነበው ነፃ ፕሮግራም በ`ffprobe` ማረጋገጥ ይቻላል፦

```
ffprobe C0007.MP4
```

መልሱ `moov atom not found` ከሆነ የጎደለው ሰንጠረዡ ነው። ይሄ ከሚሰማው ይልቅ ጥሩ ዜና ነው።

በዚያው ካርድ መቅረጽ መቀጠል

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ሠርግ ላይ ሲሆን ደግሞ ለመሥራት በጣም ይቀላል። አዲስ ባትሪ ይገባል፣ ሙሽሮቹ እየወጡ ነው፣ ጊዜ የለም፣ ቀረጻው ይቀጥላል። ካሜራው የተቋረጠውን ፋይል በትክክል ስላልዘጋው የያዘውን ቦታ ባዶ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ከዚያ አዲሱን ቀረጻ እዚያው ላይ ይጽፍበታል። የተጻፈበት ቦታ በምንም ፕሮግራም አይመለስም።

ስለዚህ ባትሪ ስትቀይሩ ካርድም ቀይሩ። የወጣውን ካርድ በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ገፍታችሁ ቆልፉት። ይሄ ለካሜራው ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ ካርድ ሲሰካበት የራሱን ትንንሽ ፋይሎች ሊጽፍ ይችላል፤ መቆለፊያው ያንንም ይከለክላል። ካሜራው «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው።

«Scan and fix» የሚለውን መጫን

ካርዱ ሲሰካ ዊንዶውስ ችግር አለበት ብሎ ላስተካክለው ይላል። ቅን ሐሳብ ይመስላል። ግን እሱ የሚያስተካክለው የካርዱን የፋይል መዝገብ እንጂ ቪዲዮውን አይደለም። መዝገቡ ፋይሉን አጭር ነው ካለ ዊንዶውስ በዚያው ልክ ሊቆርጠው ይችላል። የተረፈውን `FOUND.000` በሚል ፎልደር ውስጥ `.CHK` እያለ በቁርጥራጭ ያስቀምጠዋል። አንድ ላይ የነበረው ነገር ተበታተነ ማለት ነው።

ማድረግ ያለባችሁ መጀመሪያ የካርዱን ሙሉ ኢሜጅ መውሰድ ነው። ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ባዶ የሚመስለው ቦታም አብሮ መቀዳት አለበት። ለ64 ጊጋባይት ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ነፃ ቦታ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሙከራ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን።

ፋይሉ ዜሮ ባይት የሚያሳይ ከሆነ ኢሜጁ ይበልጥ ያስፈልጋል። ካሜራው መጠኑን መዝገቡ ላይ ሳያሰፍር ሞቷል ማለት ነው። ምስሉ ባዶ በተባለው ቦታ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ ሥራው ከተራ ጥገና ያልፋል፤ ካርዱንና ኢሜጁን ይዛችሁ ዳታ ማውጣት ወደሚያውቅ ሰው ሂዱ።

ኢሜጁ ከተያዘ በኋላ የካርዱን መቆለፊያ ከፍታችሁ፣ ሙሉ ባትሪ አስገብታችሁ፣ ወደዚያው ካሜራ መልሱት። ጎፕሮ ሲበራ የተቋረጠ ፋይል ካገኘ ራሱ ለመጠገን ይሞክራል። ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር የሚሞክሩ አሉ። ከሠራ ግሩም ነው። የፋይሉን ስም ወይም ቦታ ከቀየራችሁ ግን ካሜራው ላያገኘው ይችላል።

ስም መቀየርና መለወጫ ፕሮግራም ላይ መጣል

«`.mp4`ን ወደ `.avi` ቀይረህ በቪኤልሲ ክፈተው፣ ራሱ ይጠግነዋል» የሚል ምክር ከሰው ሰው ይዞራል። ቪኤልሲ ላይ ያለው መጠገኛ የእውነተኛ AVI ፋይልን ማውጫ የሚሠራ ነው። ስም መቀየር የፋይሉን ውስጥ አይቀይርም። ሃንድብሬክም ሆነ ፎርማት ፋክተሪ ፋይሉን ለመለወጥ መጀመሪያ ማንበብ አለባቸው፤ ለማንበብ ደግሞ የሚፈልጉት ያንኑ የጠፋውን ሰንጠረዥ ነው። የተሰረዘ ፋይል የሚያወጡ ፕሮግራሞችም እዚህ ብዙም አይረዱም። ፋይሉ አልተሰረዘምና።

የማይመሳሰል ናሙና መስጠት

ጥገናው የሚሠራው በናሙና ነው። untrunc የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ጤነኛ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ የካሜራውን አጻጻፍ ከዚያ ይማራል፣ ከዚያ በተበላሸው ውስጥ ፍሬሞቹን እየፈለገ ሰንጠረዡን አዲስ ይሠራል። የሚከፈልባቸው ብዙ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናሙና ይጠይቃሉ። ናሙናው ከተሳሳተ ውጤቱም ይሳሳታል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ወጣት ቪዲዮ አንሺ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ትራይፖድ ላይ የነበረው ካሜራ ተክሊሉ መሀል ጠፍቶበት ነበር። «ጋሼ፣ ሌላ ካሜራ አልነበረንም። ተክሊሉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» አለኝ። ተክሊል ደግሞ «እስቲ አንዴ ድገሙልን» አይባልም። ካርዱን ከመምጣቱ በፊት ቆልፎት ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ነገር ሊያደርግ አይችልም ነበር።

የተበላሸው ፋይል `C0007` ነው፤ ዘጠኝ ጊጋባይት ገደማ። ቀድሞ በላፕቶፑ ሞክሮት ነበር። ናሙና አድርጎ የሰጠው ከሱ በፊት ያለውን `C0006`ን ነው። የወጣው ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ድምፅ የለውም። ፋይሉ ሞቷል ብሎ ደመደመ።

`C0006`ን ከፍተን አየነው። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ በስሎው ሞሽን የተቀረጸ ነው። በሰከንድ 100 ፍሬም ነው፣ ድምፅም የለውም፤ ያ ካሜራ በዚያ ሞድ ድምፅ አይቀዳም። ተክሊሉ ግን በ1080፣ በሰከንድ 50 ፍሬም፣ ከድምፅ ጋር ነው የተቀረጸው። ፕሮግራሙ ድምፅ የሌለበትን ፋይል አይቶ ስለተማረ፣ በምስሉ መሀል እየገባ የተቀመጠውን ድምፅ ምን እንደሆነ አላወቀውም። ለዚያ ነው የተምታታው።

ወደ ኋላ ሄደን `C0004`ን አገኘን። ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተቀረጸ ነው። ካሜራው ያው፣ ሪዞሉሽኑ ያው፣ ፍሬሙ 50፣ ድምፁም አለ። ትእዛዙ ይሄ ነው፦

```
untrunc C0004.MP4 C0007.MP4
```

ጤነኛው ይቀድማል፣ የተበላሸው ይከተላል። ይሄን መገልበጥም የተለመደ ስህተት ነው። ሲጨርስ ስሙ ላይ `_fixed` የተጨመረበት አዲስ ፋይል ይሠራል፤ የተበላሸውን አይነካውም። መሀል ላይ የማያውቀው ነገር አጋጥሞት ከቆመ `-s` ጨምራችሁ ሞክሩ፤ ያላወቀውን እየዘለለ ይሄዳል።

በካርዱ ላይ የሚመሳሰል ፋይል ከሌለ አዲስ ቅረጹ፤ በሌላ ካርድ፣ በዚያው ካሜራ። ሪዞሉሽን፣ የፍሬም ብዛት፣ የቀረጻ ጥራት፣ የድምፅ ቅንብር፣ ሁሉም የዚያን ቀን እንደነበረው ይሁን። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሞዴሉ አንድ ስለሆነ ብቻ የጓደኛን ካሜራ ፋይል መውሰድ አደጋ አለው፤ የሱ በ25 የናንተ በ50 ሊሆን ይችላል።

ተከፈተ ብሎ ማስረከብ

የተጠገነ ፋይል ስለተጫወተ ብቻ ድኗል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ርዝመቱን አስሉ። የዚያ ልጅ ካሜራ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ነው የሚጽፈው። ለስምንት ሲካፈል በሰከንድ 6.25 ሜጋባይት ነው፣ በደቂቃ 375። ዘጠኝ ጊጋባይት እንግዲህ ወደ 24 ደቂቃ ይሆናል። የወጣው ቪዲዮም ለዚያ የቀረበ ነበር። አሥር ደቂቃ ብቻ ቢወጣ ኖሮ ፕሮግራሙ መሀል ላይ ብዙ ነገር ጥሏል ማለት ነበር።

ቀጥሎ ድምፁን ከምስሉ ጋር አመሳክሩ፤ መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ላይ። ለዚህ እንደ ከበሮ የሚመች የለም። እጁ ከበሮውን ሲነካና ድምፁ ሲሰማ አንድ ላይ መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ መጨረሻ ላይ ከዘገየ ድምፁ ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ነው፤ ኤዲቲንግ ላይ ከፋፍሎ ማስተካከል ይቻላል። ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ካሜራዎች ድምፁን ሳይጨምቁ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ መነሻና መድረሻውን የሚናገር ምልክት ስለሌለው ፕሮግራሙ ወሰኑን በግምት ነው የሚያገኘው፤ ሲሳሳት ምስል የነበረውን እንደ ድምፅ ያጫውተዋል። በዚህ ጊዜ ለብቻ የተቀዳ ድምፅ ካለ እሱን መጠቀም ይሻላል።

የማይድን ነገርም አለ። ፋይሉን በሄክስ ኤዲተር ከፍታችሁ መሀሉን ስታዩ ከዳር እስከ ዳር `00` ከሆነ ካሜራው ቦታ ይዞ ምንም አልጻፈበትም። ከዚያ ምስል የሚያወጣ ፕሮግራም የለም፤ አወጣለሁ ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ።

የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶችም እንዲሁ ናቸው። ኃይል ሲቋረጥ ገና በካሜራው ውስጣዊ ማህደረ ትውስታ ላይ ስለነበሩ ካርዱ ላይ አልደረሱም። ለዚያ ሠርግ ክፍተቱን የሞላነው የሙሽራው እህት በስልኳ በቀረጸችው ነው። ቤተሰቡን ከመጠየቃችን በፊት ግን ቪዲዮው በትክክል የት ጋ እንደሚቆም አይተን፣ የሚፈለገውን ደቂቃ ለይተን ነገርናቸው።