ስፖንሰር የሚያነበው አንድ ገጽ፦ ሚዲያ ኪት እንዴት ይሠራል?

ስፖንሰር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ይህን ያህል ሺህ ተከታይ አለኝ» ብሎ ነው። የማስታወቂያ በጀት የያዘው ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። «እኔ በምሸጥበት አገር ስንት ሰው ያየዋል?» ሚዲያ ኪት ይህን በአንድ ገጽ መመለስ አለበት።

አዲስ አበባ ተቀምጣ ዩቲዩብ ላይ የምግብ አሠራር የምታሳይ ልጅ አለች እንበል። 22,000 ሰብስክራይበር አላት። ገጹን አብረን እንሥራላት።

መጀመሪያ የ10 ቪዲዮዎቿን እይታ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ገና ከተለቀቁ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸውን እንዝለላቸው፤ እይታቸው ተሰብስቦ አላለቀም። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው እንበል፦ 4,200፣ 3,800፣ 5,100፣ 4,600፣ 3,900፣ 61,000፣ 4,400፣ 5,300፣ 3,600፣ 4,100። ያ 61,000 ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የለቀቀችው የበያይነቱ ቪዲዮ ነው። ሁሉንም ደምረን ለ10 ስናካፍል አማካዩ 10,000 ይመጣል። ያምራል፣ ግን ያታልላል። ከበያይነቱ በቀር ወደ 10,000 የተጠጋ እንኳን የለም። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ እንደርድርና መሃል ላይ ያሉትን ሁለቱን እንያዝ። 4,200 እና 4,400 ናቸው፤ የሁለቱ መካከለኛ 4,300። ገጹ ላይ የሚወጣው ይህ ነው። 10,000 ብላ ተፈራርማ ቪዲዮዋ 4,000 ላይ ቢቆም፣ ያ ድርጅት ሁለተኛ አይደውልላትም። በያይነቱን ደግሞ «በብዛት የታየው ቪዲዮ» ብላ ለብቻው ትጻፈው።

ቀጥሎ ተመልካቹ የት ነው ያለው? በዩቲዩብ ስቱዲዮ Analytics ውስጥ Audience የሚለውን ስትከፍቱ አገር፣ ዕድሜና ጾታ ታገኛላችሁ። የ28 ቀኑን ወደ 90 ቀን ቀይሩት፤ አንድ በጣም የታየ ቪዲዮ የወሩን ምስል ያዛባዋል። የልጅቷ ተመልካች 35 በመቶው ኢትዮጵያ፣ 50 በመቶው ደግሞ አሜሪካና የዐረብ አገራት ነው እንበል። ከ4,300 ውስጥ ኢትዮጵያ ያለው ወደ 1,500፣ አሜሪካና የዐረብ አገራት ያለው ወደ 2,150 ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘይት ለሚሸጥ ድርጅት የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው። ገንዘብ ለሚያስተላልፍ ድርጅት ደግሞ ሁለተኛው። ስለዚህ አንዱን ገጽ ለሁሉም አትበትኑት። እንደሚላክለት ድርጅት ከቁጥሮቹ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ቀይሩ። ከቁጥሮቹ ሥር ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ጻፉ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩ። ዩቲዩብ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እናንተ «ከመስከረም» ካላችሁ አንባቢው ግራ ይጋባል።

ያለፈ ሥራ ላይ ብዙ ሰው ሎጎ ይደረድራል። እኔ ሎጎ ብዙም አያሳምነኝም። ሁለት ሥራ ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ ሦስት አጭር መስመር፦ ምን ተጠየቃችሁ፣ ምን ሠራችሁ፣ ምን ተገኘ። «የ60 ሰከንድ ማሳያ በቪዲዮ መሃል፤ በ30 ቀን 4,900 እይታ፤ 38 ሰው ዋጋ ጠየቀ» ዓይነት። ውጤቱን ከማውጣታችሁ በፊት ያሠራችሁን ድርጅት አስፈቅዱ። ራሳችሁ ገዝታችሁ ያሳያችሁትን ዕቃ ግን እንደ ስፖንሰር አትቁጠሩት። ገና ምንም ካልሠራችሁ፣ ከቪዲዮዎቻችሁ ሁለቱን ምረጡና «ምርታችሁ እዚህ ጋ ይገባል» ብላችሁ ደቂቃውን አሳዩ። ዋጋ ገጹ ላይ ባይኖር እመርጣለሁ፤ ሥራው ሳይታወቅ የተጻፈ ዋጋ ወይ ያስደነግጣል ወይ እናንተን ያከስራል።

አድራሻ ሦስት ነገር ነው፦ ኢሜይል፣ በ+251 የሚጀምር ስልክ፣ የቴሌግራም ስም። የምታዩትን ብቻ ጻፉ። በሳምንት አንዴ የሚከፈት ኢሜይል ሥራ ያሳልፋል።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ከላይ ስምና ስለምን እንደምትሠሩ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ እስካሁን ያወጣናቸው ቁጥሮች በትልልቁ፣ ከዚያ ሁለቱ ሥራዎች፣ ታች አድራሻ። በፒዲኤፍ አውጡት፣ ከ2 ሜጋባይት አይብለጥ፤ ብዙ ሰው በስልክ ዳታ ነው የሚከፍተው። አማርኛና እንግሊዝኛውን አንድ ገጽ ላይ አታጨናንቁ፣ ሁለት ፋይል አድርጉት።

ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። የአማርኛው ፊደል ወደ ባዶ ሳጥን ከተለወጠ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ስልክ ቁጥሩን ስትነኩት ይደውላል? ሳያጎሉ ይነበባል? ቁጥሮቹን የወሰዳችሁበትን ቀን ስክሪንሾትም አስቀምጡ። ጠንቃቃ ድርጅት መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ገጹ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ወሬው እዚያው ያልቃል።