አንድ ቡድን በየትኛው የዕድገት ደረጃ ላይ እንዳለ እንዴት ይለያል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ብሩስ ተክማን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ትናንሽ ቡድኖች የተጻፉ 50 ያህል ጥናቶችን መርምሮ ቡድኖች ምሥረታ፣ ውዝግብ፣ መግባባትና ክንውን በሚባሉ አራት ደረጃዎች እንደሚያልፉ ጻፈ። በ1977 እ.ኤ.አ. ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ መበተንን አምስተኛ ደረጃ አድርጎ ጨመረበት። ደረጃዎቹን በቃል መያዝ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ስለ አንድ ቡድን የተጻፈ ገለጻ አንብቦ የትኛው ላይ እንዳለ መወሰን ነው።

በአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍሉን የወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እንዲያዛውሩ ስድስት ሠራተኞች ተመደቡ እንበል። ሥራው ከተጀመረ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለመሰብሰብ ተስማምተዋል፤ ቃለ ጉባኤም ይያዛል። ሰብሳቢው የካርድ ቁጥሩ እንደ ነባሩ ይቀጥል ሲሉ ሁሉም «እሺ» ይላል። በማግስቱ ግን የኮምፒውተር ባለሙያው በራሱ አሠራር ቁጥር ይሰጣል፤ የካርድ ክፍሏ ኃላፊም «እኔን ሳያማክር ማን ወሰነ?» ትላለች። ሁለት ነርሶች ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሰብሳቢው በምን መስፈርት እንደተመረጡ ይነጋገራሉ።

በመጀመሪያ የታየውን ድርጊት ከአስተያየት ይለዩ። «ቡድኑ ተቀዛቅዟል» ወይም «ፍቅር አላቸው» የሚል ቃል ደረጃ አይጠቁምም፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ ለማን ምን እንዳለ ብቻ ይጻፉ።

ቀጥሎ የአባላቱ ጥያቄ በምን ላይ እንደሚያጠነጥን ይመልከቱ። በምሥረታ ጊዜ ጥያቄው «ከእኛ የሚፈለገው ምንድን ነው?» የሚል ሆኖ ወደ መሪው ይቀርባል። በውዝግብ ጊዜ «ማን ነው የሚወስነው? ለምን በዚህ መንገድ?» ወደሚል ይዞራል። በመግባባት ጊዜ አባላቱ የጋራ አሠራራቸውን ያበጃሉ፤ በክንውን ጊዜ ደግሞ ጉልበታቸው ሁሉ ሥራው ላይ ይውላል። የጤና ጣቢያው ቡድን ጥያቄዎች በሙሉ ከሁለተኛው ዓይነት ናቸው።

ሦስተኛው እርምጃ ሚናዎችን መፈለግ ነው። ኬኔት ቤንና ፖል ሺትስ በ1948 እ.ኤ.አ. የቡድን ሚናዎችን ሥራውን የሚያራምዱ፣ ግንኙነቱን የሚጠብቁና የግል ፍላጎትን የሚያስቀድሙ ብለው በሦስት ከፍለዋቸዋል። በእኛ ቡድን ሰብሳቢው አቅጣጫ ይሰጣሉ፣ ባለሙያው መረጃ ያቀርባል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ሚና አልጠፋም። የጠፋው ሁለተኛው ነው፤ በባለሙያውና በካርድ ክፍሏ ኃላፊ መካከል ገብቶ የሚያስማማ የለም፣ ዝም ላለው ሰውም ዕድል የሚሰጥ አልታየም። ሚና ግን የአንድ ሰው ቋሚ ጠባይ አይደለም፤ ዛሬ የሚከራከረው ነገ አስታራቂ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ መልስዎን በጎረቤት ደረጃዎች ይፈትኑ፤ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የስብሰባ ቀንና ቃለ ጉባኤ መኖሩ «መግባባት ላይ ደርሰዋል» ያሰኛል። ይሁን እንጂ የመግባባት ምልክት ውሳኔው ተቆጣጣሪ በሌለበት መከበሩ ነው፤ ይህኛው ግን በማግስቱ ተጥሷል። በስብሰባ ላይ የሚሰማው «እሺ»ም ገና ምሥረታ ላይ ያለ፣ መሪውን የሚጠብቅ ቡድን ያስመስለዋል። ለበላይ በአደባባይ «አይሆንም» ማለት እንደ ድፍረት በሚቆጠርባቸው መሥሪያ ቤቶቻችን ውዝግብ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ የሚገኘው ሻይ ቤትና ኮሪደር ላይ ነው። ስለዚህ ከስብሰባ ውጭ የተባለውን ሳያነቡ ዝምታን ስምምነት ብለው አይፈርጁ። የዚህ ቡድን ደረጃ ውዝግብ ነው።

ደረጃው ከታወቀ የሚያስፈልገው እርምጃም ይጠባል። የምሳ ግብዣ ማዘጋጀት የሥልጣን ጥያቄን አይመልስም። ሰብሳቢው ሐሳባቸውን ከመናገራቸው በፊት እያንዳንዱ አባል የራሱን እንዲያቀርብ ማድረግና የካርድ ቁጥርን በተመለከተ የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ይሻላል።

የተክማን ሞዴል ወሰን አለው። ከመረመራቸው ጥናቶች ብዙዎቹ የሥነ ልቦና ሕክምናና የሥልጠና ቡድኖችን የሚመለከቱ ነበሩ። ኮኒ ገርሲክ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ደግሞ የጊዜ ገደብ የተሰጣቸው ቡድኖች ደረጃ በደረጃ ከማደግ ይልቅ በተሰጣቸው ጊዜ አጋማሽ አካባቢ አሠራራቸውን በአንዴ ሲለውጡ አገኘች። የጤና ጣቢያው ቡድን የተሰጠው ጊዜ አሥር ሳምንት ከሆነ፣ አምስተኛው ሳምንት አጋማሹ ስለሆነ የጭቅጭቁ አንዱ ምክንያት የቀነ ገደቡ መቅረብ ሊሆን ይችላል፤ ገለጻው ይህን ካልነገረዎት ከመወሰንዎ በፊት ይጠይቁ።