አፉ ከድምፁ ጋር አልሄድ ሲል፦ የ«ገባ» ችግርና መፍትሄው

ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም አኒሜሽን የሚሠሩ ልጆች ሥራቸውን ያሳዩኛል። ሥዕሉ ያምራል፣ ድምፁም ጥሩ ነው፣ ገጸ ባሕርይው አፉን ሲከፍት ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በአንድ ቦታ ነው ያለው፤ ከንፈር በሚገጥምባቸው ፊደላት ላይ። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ሁለት ቀላል ነገሮችን እናጣራ።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር እኩል ዘግይቷል ወይም ቀድሟል

መጀመሪያ ጆሯችሁ ላይ ያለውን ነገር እዩት። ብሉቱዝ ኢርፎን ድምፁን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገየው ይችላል። ያ በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ሥራ ላይ ከሁለት ፍሬም ይበልጣል። ደህና የነበረውን አፍ አበላሽታችሁ «አስተካከልኩት» እንድትሉ ያደርጋችኋል። በገመድ ኢርፎን አዳምጡ።

ብሌንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የ`Playback` ምርጫውን ክፈቱና `Sync to Audio` ላይ አድርጉት። `Play Every Frame` ላይ ከተቀመጠ ኮምፒውተሩ ሲከብደው ሥዕሉ ወደኋላ ይቀራል፣ ድምፁ ግን መሄዱን ይቀጥላል። ያኔ የምታዩት የኮምፒውተሩን ድካም እንጂ የሥራችሁን ጥፋት አይደለም።

ምልክት፦ መጀመሪያው ልክ ነው፣ እየቆየ ይለያያል

ይህ የፍሬም ብዛት አለመግባባት ነው። አፉ በ24 ተሠርቶ ፋይሉ በ25 ከወጣ፣ አንድ ደቂቃ ላይ ልዩነቱ ከሁለት ሰከንድ ያልፋል። የአፉን ቁልፍ ፍሬሞች አንድ በአንድ አትግፉ። የፕሮጀክቱንና የመጨረሻውን ፋይል ቁጥር አንድ አድርጉት፣ በቃ።

ምልክት፦ ጊዜው ልክ ይመስላል፣ አፉ ግን ቃሉን አይናገረውም

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ታሪኩ ጎጃም ውስጥ አንድ ገበሬ ቤት ነው እንበል። እናትዮዋ ከደጅ ቆመው ይጮኻሉ፦ «ኧረ በሬው ጓሮ ገባ!»

አብዛኛው ጀማሪ የድምፁን ሞገድ ታይምላይን ላይ ያይና «ገባ» ውስጥ ሞገዱ ድንገት ከፍ የሚልበትን ቦታ ይፈልጋል። «ብ እዚህ ናት» ብሎ የተዘጋውን አፍ እዚያው ያስቀምጣል። ስህተቱ ይሄ ነው። ብ ስንል መጀመሪያ ከንፈር ይገጥማል፣ በዚያን ጊዜ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ከንፈር ሲለቅ ድምፁ ይፈነዳል። ሞገዱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ፍንዳታው ነው፤ ያ ማለት ደግሞ አፉ እየተከፈተ ያለበት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ የተዘጋው አፍ መቀመጥ ያለበት ከፍንዳታው በፊት፣ ሞገዱ የቀጠነበት ቦታ ላይ ነው። ጵ እና ፕም እንደዚሁ ናቸው። ም ግን ይለያል። ከንፈር ገጥሞም ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል፣ ስለዚህ ሞገዱ አይጠፋም። እዚያ እዝዝታው ከጀመረበት ፍሬም ላይ ዝጉ።

ሁለተኛው ነገር ማጥበቅ ነው። «ገባ» ውስጥ ያለችው ብ ትጠብቃለች። የጠበቀ ብ ከንፈርን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፣ ያ መቆየት ደግሞ ዓይን ላይ ይታያል። «ዓባይ» ብላችሁ ከንፈራችሁን በመስታወት እዩት፣ ከዚያ «አበባ» በሉ። ዓባይ ላይ ከንፈር ጥርቅም ብሎ ይቆያል። አበባ ላይ፣ በተለይ ፈጠን ብላችሁ ስትናገሩ፣ ከንፈሮቹ ተቀራርበው ያልፋሉ እንጂ እስከመጨረሻው አይገጥሙም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የተዘጋ አፍ ለእኩል ፍሬም ከሰጣችሁ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም «አማርኛ አይመስልም» ይላችኋል። ፊደላችን መጥበቁን አይጽፍልንም፣ ስለዚህ ስክሪፕቱን ሳይሆን ቅጂውን ተከተሉ። «አንበሳ» ተብሎ ቢጻፍም ተናጋሪው የሚለው «አምበሳ» ነው፤ ከንፈሩ ገና ከን ጀምሮ ተዘግቷል።

አሁን የእናትዮዋን ዓረፍተ ነገር በ24 ፍሬም እናስቀምጠው። «ኧረ» እስከ ፍሬም 14 ይዘልቃል፤ መካከለኛ ክፍት አፍ ይበቃዋል። «በ» ላይ ሞገዱ 15 እና 16 ላይ ቀጥኖ 17 ላይ ፈነዳ፤ ስለዚህ አፉ 15 ላይ ይዘጋል፣ 17 ላይ ለ«ሬ» ወደ ጎን ይለጠጣል። «ው» 21 ላይ ከንፈርን ያሾላል። ከ«ው» ቀጥሎ «ጓ» አለች። ግ ጉሮሮ አካባቢ የምትሠራ ስለሆነች የራሷ አፍ አያስፈልጋትም፤ ሹሉ ከንፈር ያው ይቀጥልና 25 ላይ በሰፊው ይከፈታል። 28 ላይ ለ«ሮ» እንደገና ይሾላል። «ገ» 32 ላይ ትንሽ ክፍት ነው። ከዚያ የጠበቀችው ብ ትመጣለች፤ ሞገዱ ከ34 እስከ 37 ቀጥኗል፣ 38 ላይ ፈነዳ። አራት ፍሬም ሙሉ አፉ ዝግ ነው። 38 ላይ «ባ» ትልቁ ክፍት አፍ ነው፤ ጩኸት ስለሆነ እስከ 46 ያዙትና ቀስ ብላችሁ ዝጉት።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የአፉን ቁልፍ ፍሬሞች በሙሉ ምረጡና ከድምፁ በአንድ ፍሬም አስቀድሟቸው። ዓይናችን ድምፅ ከሥዕል ሲቀድም ቶሎ ይነቃል፣ ሲዘገይ ግን ይታገሣል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክር፣ ሰው የሚያስተውለው ድምፁ ወደ 45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም ወደ 125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ ነው ይላል። ያ በ24 ፍሬም ሲሰላ አንድ ፍሬም እና ሦስት ፍሬም ገደማ ነው። እኔ ከሁለት ፍሬም በላይ አላስቀድምም፤ ከዚያ ካለፈ ብ ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

ምልክት፦ አፉ ይንቀጠቀጣል

ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ አፍ ሰጥታችኋል ማለት ነው። ክ፣ ግ፣ ቅ እና ህ ከውጭ አይታዩም፤ አጥፏቸው። ት፣ ድ፣ ን እና ር በፈጣን ንግግር ውስጥ ከአጠገባቸው ያለውን አናባቢ አፍ ቢዋሱ ይበቃቸዋል። ምንም አፍ ከሁለት ፍሬም በታች አይቆይ። ቦታ ከጠበበ አናባቢውን ሠዉ እንጂ ም፣ ብ፣ ፕ እና ፍን አትንኩ። ፍ ላይ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካቱ ካልታየ «ጠፋ» የሚለው ቃል ጨርሶ ሌላ ቃል ይመስላል።

በ`rhubarb` ፕሮግራም አፉን በራሱ የምታስወጡ ካላችሁ፣ ምንም ካልቀየራችሁለት የሚጠቀመው የእንግሊዝኛ ንግግር መለያውን ነው። ለአማርኛ እንዲህ እዘዙት፦

```
rhubarb -r phonetic -o geba.tsv geba.wav
```

ውጤቱ ላይ `A` የተዘጋው አፍ ነው። ማጥበቁን ሁልጊዜ አያገኝላችሁም፣ ስለዚህ `A` ያለባቸውን ቦታዎች በሙሉ ከሞገዱ ጋር በእጃችሁ አመሳክሩ። ሌላውን እንዳለ ብትተዉት ብዙም አይጎዳም።

ምልክት፦ አፉ ልክ ነው፣ ግን ፊቱ ላይ የተለጠፈ ይመስላል

አገጩ አልተንቀሳቀሰም። «ባ» ላይ አገጩን አውርዱት፣ ጉንጩም ትንሽ ይሳብ። ጭንቅላቱ ደግሞ ቃሉን መቅደም አለበት፤ እናትዮዋ «ገባ» ከማለታቸው ሦስት ወይም አራት ፍሬም በፊት አንገታቸው ወደ ጓሮው ይዙር፣ ዓይናቸው ከአንገታቸውም ይቅደም። ብ ላይ አፉ ተዘግቶ በሚቆይባቸው አራት ፍሬሞች ውስጥ ጭንቅላቱን አታቁሙት፤ አፍም ጭንቅላትም አንድ ላይ ከቆሙ ሥዕሉ የተሰቀለ ይመስላል።