ንግግርን በጥንድ ውይይት ሲመዝኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ 60 ተማሪ የያዘ የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ሁሉንም አንድ በአንድ ማናገር አይችልም። ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ የመረጃ ካርድ ሰጥቶ ለ3 ደቂቃ ማወያየትና በአምስት ነጥብ ቼክሊስት መመዝገብ ግን ይችላል። ለምልክት ማድረጊያ 1 ደቂቃ ሲጨመር 30ው ጥንድ 120 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ሦስት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ተማሪ ሲገባና ሲወጣ የሚባክነውን አስበው አራት ይያዙለት።

በጆሮ የማይሰማ ነገር መጻፍ

«ጥሩ ይናገራል»፣ «በራሱ ይተማመናል» የሚሉ ነጥቦች ለሁለት መምህራን ቢሰጡ ሁለት የተለያየ ውጤት ያመጣሉ። ጮክ ብሎ የሚናገረው ይጠቀማል፣ ድምፁ ዝቅ ያለው ይጎዳል። እያንዳንዱ ነጥብ በውይይቱ መሃል ሲሆን የሚሰማና «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት ይሁን፦

- ከራሱ ተነስቶ ቢያንስ ሁለት ጥያቄ ጠይቋል?
- መልሱ ጓደኛው ካለው ጋር ይገናኛል?
- አንዱን መልስ በምክንያት ወይም በዝርዝር አስፋፍቷል?
- ሲቸገር ወደ አማርኛ ሳይሻገር ቀጥሏል?
- ካርዱ ላይ ያለውን መረጃ በትክክል አስተላልፏል?

እያንዳንዱ 2 ነጥብ፣ ድምሩ ከ10። ስለ አነጋገር ቃና የተለየ ነጥብ አለመኖሩ ሆን ተብሎ ነው። «this»ን «ዚስ» ያለ ወይም «ስፒክ»ን «እስፒክ» ያለ ልጅ ሐሳቡ ከተሰማ ምንም ሊቀነስበት አይገባም።

ውይይቱን አስቀድሞ ማጻፍ

ተማሪዎች ውይይቱን ቤት ጽፈው ከመጡ የሚመዘነው ሽምደዳ ይሆናል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ አንዱ መስመር ሲዘል ሌላው ያልተጠየቀውን ይመልሳል። መፍትሔው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቀው ማድረግ ነው።

ለምሳሌ «ሀ» ካርድ የያዘችው ተማሪ እንግዳ ናት፤ በአንድ ቀን ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና የፋሲል መዋኛን ማየት ትፈልጋለች። «ለ» ካርድ የያዘው አስጎብኚ ነው፤ ለልምምዱ የተፈጠሩ የመክፈቻ ሰዓቶችና ዋጋዎች እሱ ጋ ብቻ ናቸው። እሷ ጠይቃ የቀኑን ዕቅድ ወረቀት ላይ ትሞላለች። ካርዶቹን አያሳዩም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፍ ስህተት አለ። ካርዱ ላይ 9:00 የተጻፈውን ልጁ በአገራችን አቆጣጠር አስቦ «ስሪ ኦክሎክ» ይለዋል። ጓደኛውም የጎንደር ልጅ ናትና ጠዋት ሦስት ሰዓት መሆኑ ወዲያው ይገባታል፤ 9:00 ብላም ትጽፋለች። ውይይቱ ያለ እንከን ያለቀ ይመስላል። እውነተኛው እንግዳ ግን ከሰዓት በኋላ ይመጣ ነበር። ስለዚህ የአምስተኛው ነጥብ ዳኛ ጓደኛው ሳትሆን እውነተኛው እንግዳ ነው፤ ወረቀቷን ብቻ አይተው «አዎ» አይበሉ፣ የተነገረውንም ያዳምጡ። ካርዱ በፈረንጅ ሰዓት መጻፉን ደግሞ ከመጀመራቸው በፊት በአማርኛ ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ የሚቀንሱት ባልተነገረ ሕግ ነው።

የአንዱን ዝምታ በራሱ ጥፋት መቁጠር

ከ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩሉን አንዱ ከወሰደው ሌላው ሁለት ጥያቄ የሚጠይቅበት ቀዳዳ አላገኘም። ጎበዙን ከደካማው ማጣመር መርዳት ቢመስልም ይህንኑ ያመጣል፤ ጎበዙን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከደካማው ማጣመር ይሻላል። በተጨማሪም አንድ ደቂቃ ተኩል ሲሞላ ሁለተኛ ካርድ ሰጥተው ሚናቸውን ያቀያይሯቸው። እንዲህም ተደርጎ ዕድል ያጣ ልጅ ካለ «አይ» ከማለት ክብ ያድርጉበት፤ በኋላ ከሌላ ጓደኛ ጋር ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያወያዩት። ለጥንዱ አንድ የጋራ ውጤት መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እያንዳንዱ የራሱ መስመር ይኑረው።

መሃል ገብቶ ማረም

«ሺ ጎ» ሲል «ሺ ጎዝ» ብለው ካረሙት ቀሪውን ጊዜ ዓይንዎን እያየ ይናገራል፤ ውይይቱም ከእርስዎ ጋር ይሆናል። ዝምታው 10 ሰከንድ ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ ይርዱና እርዳታ ማግኘቱን «እ» ብለው ይመዝግቡ። ሰዋስዉን ለነገው ትምህርት በማስታወሻ ያስቀሩት።

ምልክቱን ማቆየት፣ ካርዱን መድገም

ሦስት ጥንድ ካለፈ በኋላ ማን ምን እንዳለ ይደባለቃል፤ ምልክቱ የሚደረገው ቀጣዩ ጥንድ ሳይጠራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች መጨረሻ ላይ ተመልሰው ይዩ፤ የእርስዎ መለኪያ በመሃል ጠብቆ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይነት ካርድ ለ30 ጥንድ ከተሰጠ ደግሞ ዋጋውና ሰዓቱ ከዕረፍት በፊት ክፍሉን ያዳርሳል። ቢያንስ አራት ዓይነት ያዘጋጁ፦ አንዱ ጉብኝት፣ አንዱ ወደ ደባርቅ የሚሄድ አውቶቡስ፣ አንዱ የቅዳሜ ገበያ ሸመታ፣ አንዱ የሆቴል ክፍል። ቁጥሮቹንም በየቀኑ ይቀይሩ።